በአንድ ገንዳ ውስጥ ሦስት ትስስር፦ አሉሚኒየም እንዴት ይወጣል?

አሉሚኒየም የሚበይድ ባለሙያ ብረት ከሚበይደው የተለየ ፈተና ይገጥመዋል። ብረት ሲግል ይቀላል፤ መቼ እንደሚፈስ ከቅላቱ ተነስቶ ዓይን ይገምታል። አሉሚኒየም ግን መልኩን ሳይቀይር ቆይቶ ከሥሩ ይቀልጣል፤ ላዩን የሸፈነው ስስ ቆዳ ደግሞ እንደ ደረቀ ይቀራል። ቆዳው ካልተነሳ የሁለቱ ቁራጮች ቅልጥ አይገናኝም፤ ብየዳው ከላይ የያዘ ይመስላል እንጂ ከውስጥ ክፍት ነው። ስለዚህ በያጆች አስቀድመው በሽቦ ብሩሽ ይፈገፍጉታል። የአርጎን ብየዳ ማሽኑንም አቅጣጫው በሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ ያሠሩታል፤ አቅጣጫው በተገለበጠ ቁጥር ብልጭታው ቆዳውን እየሰባበረ ያነሳዋል።

ቆዳው ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። አሉሚኒየሙ አየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ ራሱ የሠራው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ናኖሜትር ደግሞ የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። ይሁንና ከሥሩ ያለው አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀልጥ፣ ይህ ለዓይን የማይታይ ሽፋን 2072 ዲግሪ እስኪደርስ አይበገርም። አሉሚኒየሙ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል፤ ሽፋኑ ግን ይዘጋዋል። በሁለቱም ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም አተም አንድ ዓይነት ነው። የተለየው አተሞቹ እርስ በርስ የተያዙበት መንገድ ነው።

የኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት ይህን መያያዝ በሦስት ይከፍሉታል፦ አዮናዊ፣ ኮቫለንት እና ብረታዊ ትስስር። ተማሪውም የየአንዱን ባሕርይ በሰንጠረዥ ይሸመድዳል፤ ይህኛው መቅለጫው ከፍ ያለ ነው፣ ያኛው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም እያለ። ሰንጠረዡ ከፈተና በኋላ ይረሳል። የማይረሳው ሁለት ጥያቄ ነው። አንድ ቁስ ሲቀልጥ የላላው ምንድን ነው? ኤሌክትሪክ ሲያልፍበትስ የሚጓዘው ማን ነው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለሦስቱም ትስስሮች ባንድ ጊዜ የሚመልስ ቦታ ቢፈለግ፣ አሉሚኒየም የሚመረትበት ገንዳ የተሻለ ምሳሌ ነው።

ገንዳው ከብረት የተሠራ ትልቅ ሳጥን ሲሆን ውስጡ በካርቦን ተለብጧል። በውስጡ 960 ዲግሪ ገደማ የጋለ ፈሳሽ አለ። ከላይ ወፋፍራም የካርቦን ብሎኮች ፈሳሹ ውስጥ ተነክረው ይንጠለጠላሉ፤ እነዚህ አኖዶቹ ናቸው። ከታች፣ በካርቦኑ ወለል ላይ፣ የወጣው አሉሚኒየም እንደ ኩሬ ይጠራቀማል። በባሕሬንና በዱባይ ባሉት ማቅለጫ ፋብሪካዎች እንዲህ ያሉ ገንዳዎች በረጃጅም አዳራሾች ውስጥ በመቶዎች ተደርድረው ሌት ተቀን ይሠራሉ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለዚህ ሥራ የተመቹት በተፈጥሮ ጋዝ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጩ ነው፤ አንድ ኪሎ አሉሚኒየም ለማውጣት ከ13 እስከ 15 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ያስፈልጋል።

ወደ ገንዳው የሚገባው ጥሬ ዕቃ አሉሚና የሚባል ነጭ ዱቄት ነው፤ ቦክሳይት ከተባለ ቀላ ያለ አፈር ተጣርቶ የወጣ። ስሙ ይለያይ እንጂ አሉሚና ያው የበያጆቹ ቆዳ፣ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። ጥቂት ክሮሚየም ሲቀላቀልበት ሩቢ የተባለው ቀይ የከበረ ድንጋይ ይሆናል። እዚህ ያለው ትስስር በዋናነት አዮናዊ ነው። እያንዳንዱ የአሉሚኒየም አተም ሦስት ኤሌክትሮኖቹን ሰጥቶ ባለ ሦስት አዎንታዊ ቻርጅ አዮን ሆኗል፤ እያንዳንዱ የኦክሲጅን አተም ሁለት ተቀብሎ ባለ ሁለት አሉታዊ ቻርጅ አዮን ሆኗል። ከዚያ በኋላ የሚይዛቸው ተቃራኒ ቻርጆች የሚሳሳቡበት ኃይል ነው። ይህ ኃይል ጥንድ መርጦ አይዝም። እያንዳንዱ አዮን ዙሪያውን ያሉትን ተቃራኒዎች በሙሉ ይስባል፣ በእነሱም ይሳባል፤ ድንጋዩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጥልፍ ይሆናል።

ለመቅለጥ ታዲያ ይህ ጥልፍ ራሱ መላላት አለበት። የምግብ ጨውም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው፤ ሆኖም የሶዲየምና የክሎሪን አዮኖች ቻርጅ አንድ ለአንድ ስለሆነ 801 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። የመሳሳቡ ኃይል በሁለቱ ቻርጆች ብዜት ልክ ያድጋል። በጨው ውስጥ ብዜቱ አንድ ሲሆን በአሉሚና ስድስት ይደርሳል፤ አዮኖቹም ትናንሽ ስለሆኑ ይበልጥ ተቀራርበው ይቆማሉ። የ2072 ዲግሪው ምንጭ ይህ ነው።

የኤሌክትሪክ ጥያቄም ከዚሁ ይመለሳል። በጠጣር አሉሚና ውስጥ ቻርጅ ሞልቷል፤ ነገር ግን አዮኖቹ በየቦታቸው ታስረዋል፣ ኤሌክትሮኖቹም በየአዮኑ ተይዘዋል። የሚጓዝ የለም። ሲቀልጥ ግን አዮኖቹ ይፈታሉ፤ አዎንታዊዎቹ ወደ አንዱ ጫፍ፣ አሉታዊዎቹ ወደ ሌላው መሄድ ይችላሉ። እንግዲህ አሉሚኒየምን ከኦክሲጅን በኤሌክትሪክ ለመለየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ አሉሚናውን ፈሳሽ ማድረግ አለበት። 2072 ዲግሪ ደግሞ የብረት ዕቃ ራሱ የሚቀልጥበት ሙቀት ነው። ዘዴው ለብዙ ዓመታት የተሰወረው በዚህ የተነሳ ነው። በእነዚያ ዓመታት አሉሚኒየም ከከበሩ ማዕድናት ጋር ይቆጠር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1884 የዋሽንግተን ሐውልት ሲጠናቀቅ ጫፉ ላይ የተቀመጠው ሦስት ኪሎ የማይሞላ የአሉሚኒየም ቁራጭ እንደ ብርቅ ታይቷል።

እ.ኤ.አ. በ1886 ሁለት ወጣቶች፣ አንዱ በአሜሪካ ሌላው በፈረንሳይ፣ ሳይተዋወቁ አንድ መልስ አገኙ። ቻርለስ ማርቲን ሆል በኦሃዮ ግዛት በምትገኘው ኦበርሊን ከተማ ኮሌጅ ጨርሶ በቤተሰቡ ቤት ይሞክር ነበር፤ እሷም ኬሚስትሪ የተማረች እህቱ ጁሊያ ሥራውን በቅርብ ትከታተል ነበር። ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ ነው። ሁለቱም የተወለዱት በ1863፣ የሞቱትም በ1914 ነው። መልሳቸው አሉሚናውን ማቅለጡን ትቶ ማሟሟት ነበር። የሚያሟሟው ክራዮላይት የተባለ፣ ከሶዲየም፣ ከአሉሚኒየምና ከፍሎሪን የተሠራ ማዕድን ነው።

ክራዮላይት ራሱ አዮናዊ ነው፤ ታዲያ ለምን በ1010 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል? በውስጡ ያለው አሉሚኒየም በስድስት ፍሎሪኖች ተከቦ አንድ ትልቅ አዮን ሆኗል። ባለ ሦስት ቻርጅ ቢሆንም ቻርጁ በሰፊ አካል ላይ ተበትኗል፤ ከጎኑ ያለውም ባለ አንድ ቻርጅ ሶዲየም ብቻ ነው። ስለዚህ ጥልፉ የላላ ነው። ጥቂት አሉሚና ሲገባበት ደግሞ የመቅለጫው ነጥብ ይበልጥ ይወርዳል። በሚሠራው ፈሳሽ ውስጥ ያለው አሉሚና ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው፤ እየተበላ ሲሄድ ከላይ ይጨመርበታል።

አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በፈሳሹ ውስጥ ኤሌክትሪኩን በአብዛኛው የሚሸከመው የሶዲየም አዮን ነው፤ ትንሽ ስለሆነ እንደ ልቡ ይጓዛል። ከታች ሲደርስ ግን ኤሌክትሮን ተቀብሎ የሚወጣው አሉሚኒየም ነው፤ ከሶዲየም ይልቅ አሉሚኒየምን ማውጣት የሚጠይቀው ቮልቴጅ ያነሰ ነውና። ተሸካሚውና የሚወጣው አንድ አይደሉም።

ሆል መጀመሪያ ሲሞክር ያገኘው የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም ሳይሆን ግራጫ ዝቃጭ ነበር። ፈሳሹን የያዘበት የሸክላ ዕቃ ላይ ጥርጣሬ አደረበት። ሸክላ ሲሊካ አለበት፤ የጋለ ክራዮላይት ደግሞ ሲሊካን ይበላል። ከዕቃው የተሟሟው ሲሊኮን ነበር ቀድሞ የሚወጣው። ሆል ዕቃውን ከውስጥ በካርቦን ለበጠው፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1886 የአሉሚኒየም ጠብታዎች አገኘ። የዛሬዎቹ ግዙፍ ገንዳዎች ካርቦን ለባሽ የሆኑት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፦ በኦክሳይዱ ፋንታ በቀላሉ የሚቀልጠውን አሉሚኒየም ክሎራይድን ብቻውን አቅልጦ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ አይቀልም ነበር? ክሎራይዱ በ180 ዲግሪ ገደማ ወደ ትነት ይለወጣል፤ በዝግ ዕቃ ውስጥ በግፊት ሲያዝ ደግሞ በ192 ዲግሪ ይቀልጣል። ከ2072 ጋር ሲተያይ ይህ የወጥ ቤት ሙቀት ነው። ችግሩ ግን ቅልጡ ኤሌክትሪክን አያስተላልፍም ማለት ይቻላል። ሁለቱ ባሕርያት፣ በቀላሉ መቅለጡና አለማስተላለፉ፣ ከአንድ ምክንያት ይመነጫሉ።

ክሎሪን እንደ ኦክሲጅንና እንደ ፍሎሪን ኤሌክትሮን ነጣቂ አይደለም። ባለ ሦስት ቻርጁ ትንሽ አሉሚኒየም ደግሞ የጎረቤቱን ኤሌክትሮኖች ወደ ራሱ ይጎትታል። ስለዚህ መስጠትና መቀበሉ ቀርቶ ወደ መጋራት ያዘነብላሉ፤ ይህ ኮቫለንት ትስስር ነው። የተጋሩት ኤሌክትሮኖች በሁለት የተወሰኑ አተሞች መካከል ይቀመጣሉ እንጂ ወደ ሌላ ጎረቤት አይዘረጉም። ክሎራይዱ ሲቀልጥ ሁለት አሉሚኒየምና ስድስት ክሎሪን እየሆነ ወደ ተናጠል ሞለኪውሎች ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ሞለኪውል በራሱ የተሟላና ቻርጅ የሌለው ነው። ከጎረቤቱ ጋር የሚይዘው ደካማ መሳሳብ ብቻ ስለሆነ በትንሽ ሙቀት ይለያያል፤ ቻርጅ ስለሌለው ደግሞ ኤሌክትሪክ ሊሸከም አይችልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውሃና ሰም በቀላሉ ሲፈሱ ወይም ሲተኑ አይቶ ኮቫለንት ትስስር ደካማ ነው ብሎ ይደመድማል። ውሃ ሲፈላ ግን የሃይድሮጅንና የኦክሲጅን ትስስር አይበጠስም፤ የሚወጣው እንፋሎትም ያው ውሃ ነው። 18 ግራም የፈላ ውሃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 41 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። በዚያው ውሃ ውስጥ ያሉትን ትስስሮች በሙሉ በጥሶ አተሞቹን ለመለያየት ግን 926 ኪሎጁል ገደማ፣ ማለትም ከ22 እጥፍ በላይ ያስፈልጋል። ትስስሩ ብርቱ ነው፤ በመቅለጥና በመፍላት ጊዜ የሚላላው ሌላ ነገር ነው።

ኮቫለንት ትስስር ተናጠል ሞለኪውል ሳይሠራ ከአተም ወደ አተም ሲቀጥል ምን ያህል እንደሚችል ካርቦን ያሳያል። በአልማዝ ውስጥ እያንዳንዱ የካርቦን አተም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ተጣብቋል። ለመቅለጥ እነዚያው ብርቱ ትስስሮች መበጠስ አለባቸው። አራቱም ኤሌክትሮኖቹ በትስስር ተይዘው ስላለቁ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ግራፋይት፣ የእርሳስ ውስጠኛው ጥቁር ነገር፣ ያው ካርቦን ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ አተም በንጣፍ መልክ ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ብቻ ይያያዛል። አራተኛው ኤሌክትሮን በንጣፉ ላይ ይዘዋወራል። በዚህ ምክንያት ግራፋይት እስከ 3600 ዲግሪ ድረስ ጠጣር ሆኖ ሳለ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ኮቫለንት ቁስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም የሚለው የሰንጠረዥ ሕግ እዚህ ይሰበራል። የገንዳው አኖዶች ከነዳጅ ዝቃጭ ከሚገኝ ኮክና ከሬንጅ መሰል ማያያዣ ተጋግረው የሚሠሩ ናቸው፤ ንጹሕ ግራፋይት ባይሆኑም ከእሱ የወረሱት ባሕርይ ለሥራው ይበቃል።

ከካርቦኑ ወለል በላይ ያለው ኩሬ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በአሉሚኒየሙ ውስጥ ኤሌክትሮን ሰጪ እንጂ ተቀባይ የለም፤ ሁሉም አተሞች ሦስት ሦስት ኤሌክትሮን ያዋጣሉ። ነገሩ የዕድር ገንዘብን ይመስላል፦ እያንዳንዱ አባወራ ያዋጣው ብር አንዴ ሣጥን ውስጥ ከገባ የእገሌ ነው ተብሎ አይለይም፤ አባላቱን ሁሉ የሚያስተሳስረው ግን እሱ ነው። አዎንታዊዎቹ የአሉሚኒየም አዮኖች በእነዚህ የጋራ ኤሌክትሮኖች መካከል ተደርድረው ይያዛሉ። ኤሌክትሮኖቹ ማንም አላሰራቸውም፤ ከአንዱ ጫፍ ትንሽ ቮልቴጅ ሲመጣ ወዲያው ይፈሳሉ። ጠጣር ሆነ ቅልጥ፣ አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው በዚህ ነው።

መቅለጡን በተመለከተ፣ ብረታዊ ትስስር ከአዮናዊው የሚለይበት አንድ ነገር አለ። አሉሚኒየም ሲቀልጥ አዮኖቹ ቦታ ይቀያየራሉ እንጂ ከጋራ ኤሌክትሮኖቹ አይወጡም። ስለዚህ 27 ግራም አሉሚኒየም ለማቅለጥ 11 ኪሎጁል ገደማ ሲበቃ፣ ያንኑ ቅልጥ ለማትነን ከ280 ኪሎጁል በላይ ይጠይቃል። በ660 ዲግሪ የቀለጠው አሉሚኒየም እስከ 2470 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ትስስሩ በፈሳሹ ውስጥ አለ።

ይህ ማለት ብረታዊ ትስስር ሁሉ እኩል ነው ማለት አይደለም። ሜርኩሪ ከዜሮ በታች 39 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ የሚያዋጣው ሶዲየም በ98፤ የአምፖል ክር የሚሠራበት ተንግስተን ደግሞ እስከ 3422 ዲግሪ ይቆያል። የመቅለጫ ነጥብን ብቻ አይቶ የትስስር ዓይነትን መለየት አይቻልም። አስተማማኙ መለያ የኤሌክትሪክ ፈተናው ነው፦ ጠጣር ሆኖ ያሳልፋል ወይ? ሲቀልጥስ? ሲሞቅስ ይሻላል ወይስ ይብሳል? አሉሚኒየም ሲሞቅ የአዮኖቹ መንቀጥቀጥ ለኤሌክትሮኖቹ እንቅፋት ስለሚሆን ማስተላለፉ ይቀንሳል። የአዮን ቅልጥ ግን ሲሞቅ አዮኖቹ ይበልጥ ስለሚላወሱ ማስተላለፉ ይጨምራል።

አሁን ገንዳውን በሥራ ላይ ማየት ይቻላል። ከ100 ሺህ አምፔር በላይ የሆነ ኤሌክትሪክ በ4 ቮልት ገደማ ከአኖዱ ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል። በካርቦኑና በአሉሚኒየሙ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ስለሚጓዙ ብዙ እንቅፋት የለም። በሁለቱ መካከል ያለው የፈሳሽ ሽፋን ግን አራትና አምስት ሴንቲሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ በዝግታ በሚጓዙ አዮኖች ላይ ይመካል፤ እንቅፋቱም ሙቀት ይሆናል። ገንዳውን የሚያሞቅ የተለየ እሳት የለም። የሚያግለው ይኸው የአዮኖቹ ዝግታ ነው። የአሉሚኒየሙ ቅልጥ ከፈሳሹ ትንሽ ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ ኦክሲጅኑ ደግሞ ወደ አኖዱ ሄዶ ከካርቦኑ ጋር ይቃጠልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ለአንድ ቶን አሉሚኒየም ሁለት ቶን ገደማ አሉሚናና ከ400 ኪሎ በላይ ካርቦን ይበላል።

አሉሚናው ከሚገባው በላይ ሲሳሳ አኖዱ ሥር ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ የጋዝ ሽፋን ይፈጠራል፤ ቮልቴጁም ከ4 ተነስቶ ከ30 በላይ ይዘላል። በድሮዎቹ ፋብሪካዎች በየገንዳው ላይ አምፖል ይሰቀል ነበር፤ አምፖሉ ቦግ ሲል ሠራተኛው አሉሚና መጨመር እንዳለበት ያውቃል። ዛሬ ይህን የሚከታተለው ኮምፒዩተር ነው።

ከዚህ የሚከፋው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ነው። ለአጭር ጊዜ ገንዳው ይታገሳል፤ ለብዙ ሰዓታት ከቀጠለ ግን ፈሳሹ ይረጋል። የረጋ ክራዮላይት አዮኖቹን መልሶ ያስራቸዋል፤ ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ሲመለስ የሚያልፍበት መንገድ አያገኝም፣ ካላለፈ ደግሞ ሊያሞቀው አይችልም። የረጋ ገንዳ ብዙውን ጊዜ ተቆፍሮ ይጸዳል ወይም ካርቦኑ እንደገና ይለበጣል። የሚገርመው ይኸው መርጋት በጎን ግድግዳው ላይ ሲሆን የሚፈለግ መሆኑ ነው፤ መሐንዲሶች ሙቀቱን የሚያስተካክሉት ግድግዳው የረጋ ቅርፊት ይዞ ከሚበላው ፈሳሽ እንዲጠበቅ ነው።

ከገንዳው የወጣው አሉሚኒየም አንዱ ማረፊያ የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር ነው። እኩል ውፍረት ካለው መዳብ 61 በመቶ ያህሉን ብቻ ያስተላልፋል፤ ክብደቱ ግን ሲሶውን ያህል ነው። ስለዚህ በምሰሶዎች መካከል የሚዘረጋው ሽቦ ለጥንካሬ መሐሉ ብረት ሆኖ ዙሪያው አሉሚኒየም ይሆናል።

ያልተፈታው ጥያቄ የአኖዱ ነው። የሚቃጠለውን ካርቦን በማይቃጠል ነገር ለመተካት የሚሠሩ ብዙዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አልኮዋና ሪዮ ቲንቶ የተባሉት ኩባንያዎች በካናዳ ኩቤክ ኤሊሲስ የተባለ የጋራ ድርጅት አቋቁመው ይህን ይሞክራሉ። ተተኪው በ960 ዲግሪ እንደ ብረታ ብረት ኤሌክትሮን ማሳለፍ፣ ከውስጡ የሚወጣውን ኦክሲጅን መቋቋም፣ በክራዮላይቱም አለመሟሟት አለበት። ብረታዊ ትስስር ያላቸው ቁሶች የመጀመሪያውን ያሟላሉ፣ ኦክሲጅኑ ግን ይበላቸዋል። ኦክሳይዶች ኦክሲጅኑን ይቋቋማሉ፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክን በሚገባ አያሳልፉም፣ አሉሚናን ያሟሟው ክራዮላይትም እነሱን ቀስ በቀስ ያሟሟቸዋል፤ የተሟሟው ነገር ደግሞ ከታች አሉሚኒየሙን ያቆሽሻል። በዚህ ላይ ካርቦኑ ሲቃጠል ለሥራው የሚያበረክተው ኃይል ስለሚቀር፣ አዲሱ አኖድ አሉሚናውን ለመለየት ብቻ አንድ ቮልት ገደማ ተጨማሪ ይጠይቃል።